«ፌስቡክ አፍኖኛል» ከማለታችን በፊት ቁጥሩን እንይ



«ፖስቴ ለሰው እየታየ አይደለም፣ ሻዶ ባን ተደርጌያለሁ፣ ካያችሁኝ ነጥብ አስቀምጡልኝ» የሚል ጽሑፍ በቀን ሁለት ሦስቴ ያጋጥመኛል። ሐዋሳ ምሥራቅ ካሉ ጎረቤቶቼ ጀምሮ ውጭ አገር እስካሉት ድረስ ሁሉም ታፍኗል። እኔ ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም እየጠራን ነው ባይ ነኝ። ስማቸውን ካልለየን ደግሞ እውነት የተገደበው ሰው ሲጮኽ የሚሰማው አይኖርም።

አንደኛው አገር አቀፍ እገዳ ነው። የካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ሜሴንጀር፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ኢትዮጵያ ውስጥ ተገድበው ነበር። እስከ ሐምሌ ድረስ፣ አምስት ወር ያህል፣ ያለ ቪፒኤን አይከፈቱም ነበር። ያኔ የሁላችንም ተመልካች ወረደ። ፌስቡክ ግን እኛን ለይቶ አልቀጣንም፤ አንባቢው መግቢያ አጥቶ ነው። ምልክቱም ግልጽ ነበር፤ የስፖርቱም የመዝሙሩም የቀልዱም ገጽ በአንድ ቀን ወረደ፣ ኮሜንት የሚጽፉት ደግሞ በብዛት ውጭ ያሉትና ቪፒኤን ያላቸው ሆኑ። በአንድ ቀን ሁሉም ከወረደ ችግሩ ከአንተ ገጽ አይደለም።

ሁለተኛው መድረኩ ራሱ የሚያደርገው ነው። ይሄ ሐሜት አይደለም። ሜታ የትኛውን ዓይነት ጽሑፍ ሳያጠፋ ወደ ታች እንደሚገፋ በመስከረም 2021 እ.ኤ.አ. ራሱ በይፋ ዘርዝሮ አውጥቷል፤ በመረጃ አጣሪዎች ሐሰት የተባለ፣ ሰው እንዲጫን የሚያታልል ርዕስ፣ ላይክና ኮሜንት የሚለምን ጽሑፍ ዝርዝሩ ውስጥ አሉ። እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። ፌስቡክ ኮሜንት የሚለምኑ ፖስቶችን ወደ ታች እንደሚያወርድ ያስታወቀው በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ነው። «ካያችሁኝ ነጥብ አስቀምጡ» ማለት እኮ ያው ልመና ነው! መታፈንህን ልትፈትንበት ያወጣኸው ፖስት ራሱ ሊወርድ ይችላል። ባይወርድም ምንም አያረጋግጥልህም፤ ነጥብ የሚያስቀምጠው ያየህ ሰው ብቻ ነው፣ ያላየህ ከየት መጥቶ ይነግርሃል?

ሦስተኛው ተራው መዋዠቅ ነው። ብዙዎቻችንን የሚያስጮኸን እሱ ይመስለኛል።

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ የሥራ ማስታወቂያ የሚያጋራበት ገጽ አለው። «ቲቸር፣ ተመልካቼ በሰባ ፐርሰንት ወርዷል፣ በቃ አፍነውኛል» ብሎ ቁጥሮቹን ላከልኝ። መጀመሪያ የነበሩት አሥር ፖስቶቹ ያገኙት ሰው እንዲህ ነበር፦ 340፣ 410፣ 290፣ 520፣ 380፣ 450፣ 310፣ 9,600፣ 360፣ 430። ቀጥለው የመጡት አሥሩ ደግሞ፦ 300፣ 270፣ 420፣ 350፣ 390፣ 240፣ 460፣ 330፣ 370፣ 410።

አማካዩን ካሰላን የፊተኞቹ 1,309፣ የኋለኞቹ 354 ይመጣል። ልጁ አልዋሸም፣ ሰባ ሦስት ፐርሰንት ገደማ ወርዷል። ግን 9,600 የምትለዋን እዩዋት። አንድ ፖስት ብዙ ሰው ሼር አድርጎት ወጣ፣ አማካዩንም ብቻውን ጎተተው። ስለዚህ ክፍል ውስጥ የተማርነውን መካከለኛ ቁጥር እንውሰድ። ቁጥሮቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ እንደርድርና መሐል ያሉትን ሁለቱን ደምረን ለሁለት እናካፍል። የፊተኞቹ 395፣ የኋለኞቹ 360 ሆነ። ልዩነቱ ዘጠኝ ፐርሰንት ገደማ ነው። ይሄ ደግሞ በፈተና ሰሞን፣ በጾም፣ በበዓል፣ መብራት በጠፋበት ሳምንት የሚመጣና የሚሄድ ነገር ነው። ልጁ አልታፈነም፤ አንድ ጥሩ ቀን ገጥሞት ያንን ቀን እንደ ደመወዝ ቆጠረው እንጂ።

ታዲያ እውነተኛውን ገደብ በምን እንለየዋለን? እኔ በዚህ ቅደም ተከተል ነው የማየው።

መጀመሪያ ተመሳሳይን ከተመሳሳይ ጋር አወዳድሩ። ቪዲዮን ከፎቶ፣ ሊንክ ያለውን ከሌለው ጋር አታምታቱ። ስንት ሰው አየው የሚለውና ስንት ጊዜ ታየ የሚለውም የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው፤ አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ሲያየው በሁለተኛው ሦስት ሆኖ ይቆጠራል። የድሮውን በአንዱ፣ የአሁኑን በሌላው ለክታችሁ «ወረደ» ወይም «ጨመረ» ብትሉ ትርጉም የለውም።

ቀጥሎ ተመልካቹን በሁለት ክፈሉት፣ ተከታይና ተከታይ ያልሆነ። ፕሮፌሽናል ሞድ ያበራችሁ «Professional dashboard» ውስጥ ታገኙታላችሁ። ፌስቡክ አንድን አካውንት ለማያውቁት ሰዎች ማቅረብ ሲያቆም፣ ተከታዮች ያው እያዩት ተከታይ ያልሆኑት ቁጥር ወደ ዜሮ ይጠጋል። መውረዱም ቀስ በቀስ ሳይሆን ከአንድ ቀን ጀምሮ ነው፣ በሁሉም ዓይነት ፖስት ላይም ይታያል። እንዲህ ከሆነ መጠርጠር ተገቢ ነው። ሁለቱም አብረው ትንሽ ትንሽ ከቀነሱ ግን ሰዉ ሌላ ነገር እያየ ነው ማለት ይቀላል።

ከዚያ «Account Status» የሚለውን ክፈቱ። የተጣለባችሁ ቅጣት ካለ እዚያ ይታያል፤ ስህተት ነው ካላችሁም ይግባኝ ማለት ይቻላል። በነገራችን ላይ «ሪች እናስተካክላለን» እያሉ ፓስወርድ የሚጠይቁትን ተጠንቀቁ። እነሱ የሚያነሱት ገደብ የለም፣ ሊወስዱት የሚችሉት ግን አካውንታችሁን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። ይሄን ሁሉ አድርገንም የማናውቀው ነገር ይቀራል። «Account Status» ቅጣትን ያሳያል እንጂ አንዷ ፖስት በማሽን ተጠርጥራ ወደ ታች መገፋቷን አይነግርም። አማርኛ ጽሑፍ ማሽኑ በትክክል ያንብበው አያንብበው የሚያጣራ ሰው ከውጭ ሆኖ አይችልም። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መድረኮች የአንድን ሰው ጽሑፍ እንዳይታይ ዝቅ ሲያደርጉ ምክንያቱን ለባለቤቱ እንዲነግሩ ያስገድዳል። የእኛው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ 1185/2012 ስለ ማስወገድ ይናገራል፤ ጥፋት ነው ተብሎ ሲነገራቸው በ24 ሰዓት እንዲያነሱ ይላል። በዝምታ ዝቅ የተደረገ ሰው ምክንያቱ ይነገረው የሚል ግን የለውም። የበርሊን ሰው የሚደርሰው ማስታወቂያ ለሐዋሳ ሰው የማይደርስበት ምክንያት አይታየኝም።

ልንጠይቅ የሚገባን ይሄን ነው። ለመጠየቅ ደግሞ ማስረጃ ይዘን መቅረብ አለብን። ቀኑ፣ የተከታይና ተከታይ ያልሆነው ቁጥር፣ የ«Account Status» ፎቶ። ላይክ በቀነሰብን ቁጥር «ታፈንኩ» ካልን ግን፣ ነገ እውነት የታፈነ ጋዜጠኛ ወይም መምህር ሲናገር «ያው እንደ ሁሉም ነው» ተብሎ ይታለፋል።

ቁጥር ይዛችሁ «ቲቸር እየው» የምትሉ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ ቅዳሜና እሁድ አያለሁ። ቢያንስ ሃያ ፖስት ይሁን። በሦስት ፖስት ፍርድ አልሰጥም። 🙏