ቀሪ ሂሳብን ብቻ መግለጽ አያስታርቅም

የዳባት ገብስ ነጋዴና ጎንደር ያለ ገዢ ፋብሪካ በኢሜይል የሚለዋወጡት የሂሳብ መግለጫ የመጨረሻውን ቀሪ ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱን ልዩነት ከነማስረጃው መዘርዘር አለበት የሚል አቋም አለኝ። ምክንያቴን በምሳሌ ላስረዳ።

ሻጩ 100 ኩንታል ገብስ፣ ኩንታሉን በ5,000 ብር ሂሳብ ልኮ 500,000 ብር መዝግቧል። 300,000 ብር ስለተከፈለው 200,000 ብር ይቀረኛል ይላል። የገዢው መዝገብ ግን 182,650 ብር ያሳያል። የ17,350 ብሩ ልዩነት ሁለት ምንጭ አለው። የፋብሪካው ሚዛን 98.5 ኩንታል በማሳየቱ 7,500 ብር ተቀንሷል። ከቀረው 492,500 ብር ላይ ደግሞ፣ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ቀድሞ ተደንግጎ በነበረው 2 በመቶ ብናሰላ፣ 9,850 ብር ቅድመ ግብር ተይዟል።

ሁለቱ በአንድ ድምር ከቀረቡ ባሕርያቸው ይሰወራል። 9,850 ብሩ የጠፋ ገንዘብ አይደለም፤ ሻጩ የተቀናሽ ደረሰኙን ከያዘ ከዓመታዊ ግብሩ ላይ ይታሰብለታል፤ ካልያዘ ግን ያንኑ ገንዘብ ዳግም ለመክፈል ይጋለጣል። 7,500 ብሩ በአንጻሩ ገና ያልተቋጨ ክርክር ነው። ጉድለቱ በየጭነቱ በተቀራራቢ መጠን ከተደጋገመ ከሁለቱ ሚዛኖች አንዱ ይጠረጠራል፤ በአንድ ጭነት ብቻ ከታየ ጉዞው ይመረመራል።

ስለዚህ ሻጩ “ተስማምቻለሁ” ብሎ ከመመለሱ በፊት ለግብሩ ደረሰኝ፣ ለጉድለቱ የሚዛን ወረቀት ይጠይቅ። ገዢውም ሳይጠየቅ ሁለቱን ከመግለጫው ጋር አያይዞ ይላክ።