ሽሮው አልበደለም፣ ጭልፋው ነው የበደለው

ኤርፖርት ተራ ይዤ ነው የምጽፈው፤ ወረፋው ረጅም ስለሆነ ጽሑፉም ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

አብሮን የሚኖረው ልጅ ጂም ከጀመረ አራት ወሩ ነው። ሥጋ ከልጅነቱ ጀምሮ አይወድም። ትናንት ማታ የስልሳ ዶላር ጣሳ ዱቄት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና «ጋሼ፣ ሥጋ የማይበላ ሰው ያለዚህ ጡንቻ አያወጣም አሉኝ» አለ። ይህን ያለው ሰው ተሳስቷል። ግን «እኛ እኮ ሽሮ እየበላን ነው ያደግነው፣ ሽሮ ፕሮቲን ነው» እያላችሁ የምትከራከሩትም ተሳስታችኋል። ዛሬ የመጣሁት ለሁለታችሁም ነው።

መጀመሪያ ለሽሮ ጠበቆች። አንድ ቅዳሜ ሚዛን አውጥቼ የቤታችንን ሽሮ መዘንኩት። ለአራት ሰው ድስት ውስጥ የገባው ዱቄት 100 ግራም ነበር። 100 ግራም የሽምብራ ዱቄት በግምት 20 ግራም ፕሮቲን አለው፤ ለአራት ሲካፈል ለአንድ ሰው 5 ግራም ይደርሰዋል። አንድ እንቁላል እንኳ 6 ግራም ይሰጣል! ሽሮው አልበደለም፣ ውሃና ዘይት አብዝተን አንድ ጭልፋ በእንጀራ እየጠቀለልን «ፕሮቲን በላሁ» የምንለው እኛ ነን የበደልን።

ልጁ ደግሞ ሌላ ስህተት ይሠራ ነበር። የምስሩ ከረጢት ላይ 24 ግራም የሚለውን አንብቦ፣ የተቀቀለ ምስር 100 ግራም እየመዘነ ይበላል። የከረጢቱ ቁጥር ለደረቁ ነው። ሲቀቀል ውሃ ስለሚጠጣ 100 ግራሙ ውስጥ 9 ግራም ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ከመቀቀሉ በፊት መዝኑ፣ ነገሩ ያኔ አያታልልም።

አሁን ለዱቄት ሻጮቹ። ልጁ 75 ኪሎ ነው። ክብደት ለሚያነሳ ሰው በኪሎ 1.6 ግራም አካባቢ በቂ ነው፤ ይህም በቀን 120 ግራም ማለት ነው። ቁጭ ብለን እንዲህ ደረደርነው፦

ጠዋት ሦስት እንቁላልና አንድ ኩባያ ወተት፣ 26 ግራም። ምሳ ከ100 ግራም ደረቅ ምስር የተሠራ ወጥ፣ 24። ከጂም በፊት 200 ግራም የግሪክ እርጎ፣ 20። እራት 100 ግራም ደረቅ ሽምብራ ተቀቅሎ በሽንኩርትና በቃሪያ ተጠብሶ፣ ከሁለት እንቁላል ጋር፣ 32። ማታ 150 ግራም አይብ፣ ማለትም ሱቅ ውስጥ «ካተጅ ቺዝ» የሚሉት፣ 17። ድምሩ 119 ነው። የእንጀራው ገና አልተቆጠረም። ጣሳው የት ገባ? የትም።

«የጥራጥሬ ፕሮቲን ጎዶሎ ነው» የሚል አይጠፋም። ምስርና ሽምብራ የሚያንሳቸውን ጤፍ ያሟላዋል፣ ጤፍ የሚያንሰውን ደግሞ እነሱ። እናቶቻችን ወጥን ከእንጀራ ጋር ያቀረቡት ለዚህ ብለው ባይሆንም ሒሳቡ ይገጥማል። እንቁላልና ወተት ደግሞ ብቻቸውን ሙሉ ናቸው።

ችግሩንም ልንገራችሁ፣ ከኔ የተሻለ የሚያውቀው የለምና። ይህን ዝርዝር አብሬው የጀመርኩ ሳምንት ሆዴ እንደ ከበሮ ተነፋ። ታክሲ ውስጥ መስኮት ዘግቶ ተሳፋሪ ይዞ... ተዉት። ሽምብራውን ከማታ ጀምሮ ዘፍዝፉት፣ ውሃውን ድፉት፣ በአዲስ ውሃ ቀቅሉት። መጠኑንም በአንድ ቀን ሳይሆን በሁለት ሦስት ሳምንት ጨምሩት፤ አንጀት ይለምዳል። የተቀቀለ እንቁላል ደግሞ መኪና ውስጥ አትላጡ።

አንድ እውነት ግን አልደብቅም። በጾም ቀን እንቁላሉና የወተት ውጤቱ ሲወጣ ከ119ኙ 75ቱ ይሄዳል፣ የሚቀረው 44 ነው። ረቡዕና ዓርብ ምስሩን እጥፍ አድርጎ ማለፍ ይቻላል፣ በሁለት ቀን ጡንቻ አይጠፋም። ሁዳዴን ለሚጾም ግን 55 ቀን ነውና ቶፉና የአኩሪ አተር ወተት መግባት አለበት። ኩላሊቱን የሚታመም ደግሞ ይህን ሁሉ ትቶ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ልጁ ጣሳውን ዛሬ ሊመልስ ሄዷል። ደረሰኙን አልጣለም፣ ብልህ ነው። ተቃውሞ ያለው ኮመንት ላይ ይጻፍልኝ፣ ግን መጀመሪያ ሽሮውን ይመዝን። ተራዬ ደረሰ፣ ቻው።