ዶሮዋን ያጠፋኋት እኔ ነኝ

ባለፈው እሑድ ልጄን አስለቀስኳት። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ምን እንዳጠፋሁ ልንገራችሁ፤ የእናንተም ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ስልካችሁን ተውሶ ጨዋታ የሚሠራ ከሆነ ይጠቅማችኋል።

ልጄ 11 ዓመቷ ነው። ለትምህርት ሌላ ከተማ ካለው ታላቅ ወንድሟ ጋር ትንሽ የስልክ ጨዋታ እየሠሩ ነው። ዶሮ ጥሬ ትለቅማለች፣ ከላይ ጭልፊት ይመጣባታል። ጨዋታውን Pocket Code በተባለ ነጻ መተግበሪያ የሚያቀናብረው እሱ ነው። ሥዕሉና ድምፁ የእሷ ድርሻ ነው፤ የምትሠራውም በእኔ ስልክ ነው።

የምትሥለው Pixel Studio ላይ ነው፤ እሱም በነጻ ይገኛል። ሰሌዳው 16 በ16 ነው፤ በጠቅላላው 256 ትናንሽ ካሬዎች አሉት፤ ካሬው በጣት ሲነካ ቀለም ይይዛል። መጀመሪያ የዶሮዋን ላባና ጥፍር ሁሉ ልታስገባ ሞከረች፤ የተደፋ ወጥ መሰለባት። ከዚያ ቀነሰችው። ቡናማ አካል፣ ለዓይን 1 ጥቁር ካሬ፣ ለመንቁር 1 ቢጫ ካሬ፣ አናቷ ላይ 2 ቀይ ካሬዎች። ስልኩን ራቅ አድርጋ ይዛ፣ «እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ። «ዶሮ» ስላት ደስ አላት። ሰው ሳይነገረው ካላወቀው ሥዕሉ ገና ይቀረዋል።

ዶሮዋ እንድትራመድ ሁለተኛ ሥዕል ብቻ በቂ ነበር። የመጀመሪያውን ገልብጣ የእግሮቹን ቦታ ለዋወጠችና አካሉን በ1 ካሬ ከፍ አደረገችው። ሁለቱ ሥዕሎች በሰከንድ 5 ጊዜ ያህል ሲፈራረቁ ዶሮዋ ቱር ቱር ትላለች።

ጥፋቴ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ሥዕሎቹን ለወንድሟ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ላክሁለት። ስልኬ ሞልቶ ስለነበር «ደርሷል» ብዬ ዋናዎቹን አጠፋሁ። እሱ ጋ የደረሰችው ዶሮ ግን ነጭ ሣጥን ውስጥ የቆመች፣ ዳር ዳሯ የደበዘዘ ሆነች። ቴሌግራም ፎቶ ሲልክ መጠኑን ለመቀነስ ይጨምቀዋል። ያኔ በዶሮዋ ዙሪያ ባዶ የነበረው ቦታ በቀለም ይሞላል፣ የካሬዎቹም ጠርዝ ይፈስሳል። ለጋብቻ ፎቶ አይታወቅም፤ በ256 ካሬ ለተሠራች ዶሮ ግን ጥፋት ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሥዕሉ በPNG ይቀመጣል፣ ሲላክም በፎቶ ሳይሆን በፋይል (File) ይላካል። ከመላኩ በፊትም ከ16 ወደ 160፣ ማለትም ልክ 10 እጥፍ ማሳደግ ነው፤ እጥፉ ሙሉ ቁጥር ካልሆነ ካሬዎቹ እኩል አይሆኑም። በሥዕሉ ዙሪያ እንደ ዳማ ሰሌዳ ያለ ግራጫና ነጭ ከታየ ባዶነቱ አልጠፋም ማለት ነው። ዋናው ደግሞ፣ ተቀባዩ ከፍቶ ሳያይ ምንም አታጥፉ።

ልጄ እንባዋን ጠርጋ እንደገና ሣለቻት። ቀለሞቹ ጥቂት ስለነበሩ 1 ሰዓት አልፈጀባትም።

ድምፁን በስልኩ አሳሽ sfxr.me የሚለውን ገጽ ከፍታ ሠራችው። Pickup/coin የሚለውን ስትነካ በየጊዜው የተለየ አጭር ድምፅ ይወጣል፤ ስትወደው WAV አድርጋ ታወርደዋለች። የመጀመሪያ ምርጫዋ ረዘም ያለ ነበር። ዶሮዋ 3 ጥሬ ተከታትላ ስትለቅም ድምፆቹ ተደራርበው ጆሮ አደነቆሩ። Sustain time እና Decay የሚሉትን ወደ ግራ ስትስብ አጭር «ጢቅ» ሆነ።

ለጭልፊቱ ግን ከገጹ የወጣው ሁሉ አልሆነም። ይህን ሲሰሙ የቆዩት እናቴ፣ «ልጄ፣ ጭልፊት እንዲህ አይባረርም» አሉና ከመቀመጫቸው ተነሥተው «እሽ!» ብለው ጮኹ። ጎረቤት ሳይቀር ሰማ። በስልኩ ድምፅ መቅጃ ሲቀዳ ጩኸታቸው መጀመሪያ ተሰነጣጠቀ፤ ስልኩ ለአፋቸው ቀርቦ ነበር። በክንድ ርቀት ሲያዝ ጠራ።

ማታ ወንድሟ ደወለ። «የእማማ ድምፅ ዘግይቶ ነው የሚሰማው፤ ጭልፊቱ ዶሮዋን ከወሰደ በኋላ!» አለ። ሰማነው። ከጩኸቱ በፊት ግማሽ ሰከንድ ያህል ዝምታ አለ፤ እናቴ ትንፋሽ ሲስቡ የተቀዳ ነው። በዚያው በመቅጃው መቁረጫ ልጄ ዝምታውን ቆረጠችው፣ በፋይል ላከችው።

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በስልኩ ውስጥ «እሽ!» ተሰማ፤ የወንድሟም ሳቅ ተከተለ። እናቴ ወደ ስልኩ ጠጋ ብለው፣ «ዶሮዋ ተረፈች?» አሉ።

ተርፋለች። እኔ ግን የስልኬን ቦታ ሳጸዳ አሁን አስቀድሜ ልጄን እጠይቃለሁ።