ልብ ሲደርቅ ዱዓ እንዴት ይደረጋል?

ረመዳን በገባ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሐዋሳ መስጂዶች ለተራዊሕ ጢም ብለው ይሞላሉ። ዘግይቶ የመጣ ሰው መስገጃውን ግቢ ውስጥ ያነጥፋል። ወሩ ሲጋመስ ግን ሶፉ እየሳሳ ይሄዳል። የቀሩት ሰዎች ምክንያቱን ሲጠየቁ ሥራና ድካም ይላሉ፤ እውነትም ነው። ብዙዎች ደፍረው የማይናገሩት ሌላ ምክንያት ግን አለ። እየጾሙና እየሰገዱ ልባቸው ባዶ ሆኖባቸዋል። ከንፈራቸው የሚያወጣው ቃል ጣሪያውን የሚያልፍ አይመስላቸውም። አንዳንዶቹም «ይህ ሁሉ እውነት ነውን?» የሚል ጥርጣሬ ሽው ይልባቸውና በራሳቸው ይደነግጣሉ።

እንዲህ ያለ ሰው ሁለት ነገር ያስባል። አንደኛው «ሙናፊቅ ሆኛለሁ» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «ልቤ እስኪመለስ ዱዓዬን ላቁም» የሚል። ሁለቱም ስሕተት ናቸው ብለን እናምናለን።

የመጀመሪያውን ሐሳብ ከእኛ በፊት ያሰበው ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጸሐፊዎች አንዱ የነበረው ሐንዞላ ነው። ታሪኩን ሙስሊም በሶሒሓቸው ዘግበውታል። ሐንዞላ አቡበክርን መንገድ ላይ አገኛቸውና «ሐንዞላ ሙናፊቅ ሆነ» አላቸው። ነቢዩ ዘንድ ሲቀመጥ ጀነትና ጀሀነም በዓይኑ የሚያያቸው ያህል ይሆኑበታል፤ ወጥቶ ከሚስቱ፣ ከልጆቹና ከኑሮው ጋር ሲጠመድ ግን ብዙው ይረሳዋል። አቡበክር አልገሠጹትም። እሳቸውም ያው እንደሚያጋጥማቸው ነግረውት አብረው ወደ ነቢዩ ሄዱ። የነቢዩ መልስ ፍሬ ነገር፣ ያ የልብ ሁኔታ ሳይቋረጥ ቢዘልቅ ኖሮ መላእክት በየመኝታቸውና በየመንገዱ በጨበጧቸው ነበር፤ የሰው ልጅ ግን አንዱ ሰዓት እንዲህ፣ ሌላው ሰዓት እንዲያ ነው የሚል ነበር።

የጥርጣሬውም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ሶሓባዎች በአፋቸው ሊያወጡት የከበዳቸው ሐሳብ በልባቸው እንደሚመላለስ ለነቢዩ ሲነግሯቸው፣ ያንን መጥላታቸውንና መፍራታቸውን የኢማን ምልክት አድርገው ቆጥረውላቸዋል። ሙናፊቅ ልቡ መድረቁ አያስጨንቀውም። የተጨነቀ ሰው የሚጠብቀው ነገር አለው ማለት ነው።

ሁለተኛው ሐሳብ፣ ዱዓን ማቆም፣ የበለጠ ይጎዳል። ኢማም አል-ገዛሊ በ488 ዓመተ ሒጅራ በባግዳድ ኒዛሚያ ትምህርት ቤት ያስተምሩ ነበር፤ ስማቸውም ከዳር እስከ ዳር ተሰምቶ ነበር። ውስጣቸውን ሲመረምሩ ግን የሚያስተምሩት ለአላህ ብለው ሳይሆን ለክብርና ለዝና ሆኖ አገኙት። ስድስት ወር ያህል በዚህ ሲዋልሉ ከቆዩ በኋላ አንደበታቸው ተያዘ፤ ለደቀ መዝሙሮቻቸው አንዲት ቃል መናገር አቃታቸው። ምግብ አልወርድ አላቸው፤ ሐኪሞችም ሕመሙ ከልብ የመጣ ነው አሉ። ኢማሙ «አል-ሙንቂዝ» በተባለው መጽሐፋቸው እንደሚተርኩት፣ ያን ጊዜ ያደረጉት ነገር መውጫ እንደጠፋበት ችግረኛ አላህን መማጸን ነበር። ያን ሁሉ ዕውቀት የያዙት ሰው ልባቸው እስኪለሰልስ አልጠበቁም፤ ከነድርቀታቸው ቀረቡ።

ከቁርኣንም የምንማረው ይህንኑ ነው። ዘከሪያ (ዐ.ሰ) በሱረቱ መርየም ልጅ ከመለመናቸው በፊት የአጥንታቸውን መድከምና የራሳቸውን መሸበት ተናገሩ። ሙሳ (ዐ.ሰ) ከግብጽ ሸሽተው መድየን ሲደርሱ ጥላ ሥር ተቀምጠው ድህነታቸውን ለጌታቸው ገለጹ። ሁለቱም በቅድሚያ ያሉበትን ሁኔታ ተናግረዋል። ልቡ የደረቀበት ሰው ሁኔታው ድርቀቱ ነው፤ ስለዚህ ዱዓው ከዚያው ይጀምራል።

እዚህ ላይ የቋንቋ ነገር ይነሳል። ሐዋሳ ውስጥ አማርኛ፣ ሲዳምኛ፣ ስልጥኛ፣ ሌላም ቋንቋ የሚነገርባቸው ሙስሊም ቤተሰቦች አሉ። ብዙዎቻችን ዱዓ በልጅነታችን በዐረብኛ ሸምድደናል፤ ትርጉሙን ግን አናውቀውም። ትርጉሙ ያልታወቀ ቃል በደረቅ ወቅት ይበልጥ ባዶ ይመስላል። የሶላት ቃላት በዐረብኛ መሆናቸው የታወቀ ነው። ሶላት ውስጥ በራስ ቋንቋ ዱዓ በማድረግ ላይ ዑለማዎች ይለያያሉ፤ የሻፊዒይ መዝሀብ በዚህ ጥብቅ ነውና እያንዳንዱ ሰው ሸይኹን ይጠይቅ። ከሶላት ውጭ ግን በእናት ቋንቋ አላህን መለመን ይቻላል። ከሰላምታ በኋላ፣ በሱሑር ሰዓትና ከኢፍጣር በፊት ያለው ጊዜ ለዚህ ክፍት ነው። አላህ ለባሮቹ ቅርብ መሆኑን የሚናገረው የሱረቱል በቀራ 186ኛ አንቀጽ የሚገኘው በጾም አንቀጾች መካከል ነው።

በተግባር ግን ከኢፍጣር በፊት ያለው ሰዓት በቤታችን ከሁሉ የሚያዋክበው ነው። ሳምቡሳ ይጠበሳል፣ ሾርባ ይሞቃል፣ ቴሌቪዥን ይጮኻል። እናቶች ዱዓ የሚያደርጉት ከምድጃው ሥር ቆመው ነው፤ ጊዜ ካገኙ። ስለዚህ ሥራውን ተከፋፍሎ ከመግሪብ አሥር ደቂቃ በፊት ማቆም፣ ስልኩንም ቴሌቪዥኑንም መዝጋት ያስፈልጋል። ከዚያ እያንዳንዱ ለብቻው ይቀመጥ። አላህን አመስግኖ፣ በነቢዩ ላይ ሶለዋት አውርዶ፣ ያለበትን ሳያሳምር ይናገር፤ ከዚያም አንድ ነገር ብቻ ይለምን። ለምሳሌ እንዲህ ሊል ይችላል፦ «ያ ረብ፣ ዛሬ ጾሜያለሁ፤ ከረሃቡ በቀር ግን ምንም አልተሰማኝም። ቀድሞ እንዲህ አልነበርኩም። ከአንተ ሌላ የሚመልሰኝ የለምና መልሰኝ።» ይህን ብሎ እንባ ባይመጣም አንዳች ጎደለ ማለት አይደለም። ዱዓው እውነት መሆኑ ይበቃል።

ልጆች ጥርጣሬያቸውን ሲናገሩ «አስተግፊሩላህ በል!» ብሎ ዝም ማሰኘት ጥያቄውን አያጠፋውም፤ ከቤት ያስወጣዋል እንጂ። ጥያቄና ወስዋስ ይለያያሉ። ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ሲያገኝ ያርፋል፤ ስለዚህ ወላጅ የማያውቀውን ወደሚያውቅ ኡስታዝ አብሮ ይዞ መሄድ አለበት። ወስዋስ ግን በተመለሰለት ቁጥር ይብሳል፤ መድኃኒቱም ነቢዩ እንዳዘዙት በአላህ ተጠብቆ ሐሳቡን ማቋረጥ ነው። ድርቀቱ እንቅልፍና ምግብ ከነሣ፣ ሰው ውዱኡን ደጋግሞ እያደሰ መውጣት ካቃተው፣ ወይም መኖርን ከጠላ ደግሞ ጉዳዩ የኢማን ድክመት ብቻ ላይሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ሕክምናው ዱዓን አይከለክልም።

ድርቀቱ በስንት ቀን እንደሚለቅ ማንም ሊናገር አይችልም። እስከዚያው ፈርድ ሶላት አይቋረጥ፤ ተጨማሪው ዒባዳ ቢያንስም የማይተው ይሁን። ዛሬ መግሪብ ላይም ልባችን ምንም ባይሰማው ያንኑ ለጌታችን እንንገረው። አላህ ጾማችንን ይቀበለን።