«ራስሽን አሳዪ»

ሜክሲኮ ከባቡሩ ድልድይ ግራና ቀኝ እስከ ሰንጋ ተራ ድረስ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ የባንክና የኢንሹራንስ ሠራተኛ የሞላበት ሰፈር ነው። በምሳ ሰዓት ካፌዎቹ ውስጥ ከሚሰሙት ወሬዎች አንዱ የዕድገት ወሬ ነው። አንዷ፣ «ቦታው ዘንድሮም ለእሱ ሆነ፤ እኔን ያየኝ ሰው እንኳ የለም» ትላለች። ማኪያቶዋን የምታማስለው ጓደኛዋም ቃሉን ከአፏ ትነጥቃለች፦ «አንቺም እኮ ዝምተኛ ነሽ። ራስሽን አሳዪ፣ ከአለቆች ጋር ተግባቢ!»

ጠቤ ከዚህ ምክር ጋር ነው። ምክሩ ጥፋቱን ከአሠራሩ አንሥቶ በሠራተኛዋ ጠባይ ላይ ይጭነዋል። በድሮው ጊዜ ሹመት ፈላጊ በመኳንንቱ በር ደጅ ይጠና ነበር። ያን ጊዜ ደጅ ጥናት መሆኑን የሚደብቅ አልነበረም። ዛሬ ግን ማስታወቂያ ይለጠፋል፣ ኮሚቴ ይሰየማል፣ ነጥብ ይደመራል፤ ውጤቱ ግን አለቃው ቢሮ ለሚያመሸው ሰው ይሆናል። እንዴት?

መንገዱ ብዙ ጊዜ በተጠባባቂነት ይጀምራል። አንድ የቡድን መሪ ይለቃል፤ ኃላፊው «ሥራው እንዳይበደል» ብሎ የሚቀርበውን ሰው ያለ ውድድር በተጠባባቂነት ይመድባል። ማስታወቂያው ወራት ቆይቶ ሲወጣ ተጠባባቂው ሥራውን ለምዷል፣ ስብሰባ ገብቷል፣ በደብዳቤ ላይ ፈርሟል። ቃለ መጠይቁ ላይ «በዚህ ክፍል ያለው ችግር ምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ በእጁ ነው። ጥያቄው ለሁሉም አንድ ቢሆንም ለመልሱ የተዘጋጀው እሱ ብቻ ነው።

ከዚያ ነጥቡ ይመጣል። ለምሳሌ ያህል መመዘኛው የሥራ አፈጻጸም 40፣ የጽሑፍ ፈተና 40፣ ቃለ መጠይቅ 20 ነው እንበል። ሠራተኛዋ በፈተናው 33 ስታገኝ ተጠባባቂው 28 አገኘ፤ በአምስት ነጥብ በለጠችው። አፈጻጸሙን የሞላው ግን የቅርብ አለቃቸው ነው፤ ለእሷ 34፣ ለእሱ 38 ሰጠ። በቃለ መጠይቁ ደግሞ እሷ 13፣ እሱ 17 አገኙ። ድምሩ 80 ለ83 ሆነ። ስሟ ተሸፍኖ ሊታረም በሚችለው ብቸኛ መመዘኛ አሸንፋ፣ ሰው በሚያያት በሁለቱ ተሸነፈች።

«ፈተናው እኮ 40 ከመቶ ይይዛል» የሚል መከራከሪያ የማያሳምነኝ ለዚህ ነው። መታየት ያለበት መመዘኛው ስንት ይይዛል የሚለው ብቻ አይደለም፤ በተወዳዳሪዎች መካከል ስንት ልዩነት ይፈጥራል የሚለውም ጭምር ነው። የትምህርትና የአገልግሎት ነጥብ ቢጨመርም፣ የሚፈለገውን ላሟሉት ሁሉ ተቀራራቢ ከሆነ ማንንም አይለይም፤ የሚለየው በሰው እጅ የሚሰጠው ነው።

«ታዲያ ቅሬታ አታቀርብም?» ይባል ይሆናል። ትችላለች። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 515/1999 እንኳ ዕድገትንና የሥራ አፈጻጸም ምዘናን ቅሬታ ከሚቀርብባቸው ጉዳዮች ቆጥሯቸው ነበር። ሆኖም የቅሬታ ኮሚቴው ብዙ ጊዜ የሚያጣራው ደንቡ መከበሩንና ድምሩ ትክክል መሆኑን ነው። ሠላሳ አራትና ሠላሳ ሦስት፣ አሥራ ሦስት ሲጨመርበት ሰማንያ ነው፤ ስህተት የለበትም። ሠላሳ አራቱ ከየት መጣ የሚለውን የሚጠይቅ የለም። እሷም «ቅሬታ አብዢ» የሚል ስም ይዛ ወደ ወንበሯ ትመለሳለች። የሚቀጥለውን አፈጻጸሟን የሚሞላው ያው አለቃ መሆኑን አንርሳ።

እርግጥ ኃላፊ የሚያምነው ሰው ያስፈልገዋል። ለአማካሪነት ወይም ለጽሕፈት ቤቱ የሚፈልገውን ይምረጥ፤ በግልጽ ሹመት ነው ይበል። በውድድር ስም ሲሆን ግን ሌሎቹ ለአጀብ የተጠሩ ይሆናሉ።

ማስተካከያው ከባድ አይደለም። የተጠባባቂነት ጊዜ በአጭሩ ይገደብ፣ በተጠባባቂነት የተሠራውም በልምድ አይቆጠር። የአፈጻጸም ውጤት ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት ተፈርሞ ይዘጋ። ፈተናው በስም ሳይሆን በኮድ ይታረም። ቃለ መጠይቅ አድራጊዎች ሳይመካከሩ ለየብቻ ነጥብ ሰጥተው ምክንያቱን ይጻፉ። የሁሉም ተወዳዳሪዎች ነጥብ በየመመዘኛው ተለጥፎ ይታይ። ይህን የሚቃወም ኃላፊ የሚቃወምበትን ምክንያት ለሠራተኛው ይንገር።

እስከዚያው ድረስ ዕድገት ያለፈሽ እህቴ፣ ያለፈህ ወንድሜ፣ ወደ ሰው ሀብት ክፍል ስትሄዱ «ለምን አልታየሁም?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ፦ የአፈጻጸም ቅጹ የተፈረመበትን ቀን፣ እያንዳንዱ ጠያቂ ለየብቻ የሰጠውን ነጥብ፣ ተጠባባቂው የተመደበበትን ደብዳቤ። መልሱ ሲከለከልም የተከለከለበትን ደብዳቤ ተቀብላችሁ ፋይላችሁ ውስጥ አስቀምጡ።