ማኅተም ውጤት የመለወጥ ሥልጣን አይሰጥም

ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ካሉት የትርጉም ቤቶች በአንዱ የተዘጋጀ የፈረንሳይ ዩኒቨርሲቲ ትራንስክሪፕት በቅርቡ እጄ ገባ። ዋናው ሰነድ ላይ ያለውን 13.2 ከ20 ተርጓሚው ለ5 አካፍሎ 2.64 ከ4 አድርጎታል። ከሥሩም «ትክክለኛ ትርጉም» ብሎ ማኅተሙን አሳርፏል። እኔም በዚሁ ሙያ እንጀራ የምበላ ነኝና በግልጽ እናገራለሁ፤ ይህ የሰው ውጤት መለወጥ እንጂ ትርጉም አይደለም።

ስሌቱ ልክ የሚመስለው ማለፊያው 10 በእኛ 2.00 ስለሚሆን ነው። ጥፋቱ የሚታየው ወደ ላይ ሲወጣ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ በተለምዶ ከ12 ጀምሮ «አሴ ቢያን»፣ ከ14 «ቢያን»፣ ከ16 «ትሬ ቢያን» የሚል ማዕረግ ይሰጣል። ከፍተኛውን ማዕረግ ያገኘ ባለ 16 ተማሪ በዚህ ስሌት 3.2 ይዞ ይቀራል። 13.2 ያመጣችው ልጅም በማዕረግ የተመረቀች ሆና ሳለ፣ ቀጣሪ ፊት የምትቀርበው እንደ መካከለኛ ተማሪ ነው።

በዚያው ወረቀት ላይ 8.5 ያገኘችበት ትምህርት «ወድቃለች» ተብሎ ተተርጉሟል። አልወደቀችም! እኩል ክብደት ባለው ሌላ ትምህርት 13.5 አላት፤ የሁለቱ አማካይ 11 ነው። ሁለቱን የያዘው የትምህርት ክፍል በማካካሻ መታለፉን ዋናው ሰነድ ራሱ ይናገራል። ተርጓሚው ግን ያንን ዓምድ ጭራሽ ዘሎታል።

የዲግሪ ስምም እንዲሁ ይበላሻል። «ባካሎሬያ» የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ነው፤ ባችለር ብሎ መጻፍ ያልተማሩትን ዲግሪ ማደል ነው። «ሊሳንስ» የሦስት ዓመት፣ 180 የአውሮፓ ክሬዲት ያለው የመጀመሪያ ዲግሪ ነው። በድሮው ሥርዓት የተማሩ አባቶቻችን የያዙት «ሜትሪዝ» ደግሞ የአራተኛ ዓመት ዲግሪ ነው፤ ማስተርስ ማለት አንድ ዓመት መጨመር ነው።

ታዲያ ተርጓሚ ምን ያድርግ? 13.2 ከ20 የሚለውን እንዳለ ይጻፍ። ማዕረጉን ይተርጉም፤ የማካካሻውን ዓምድ አይዝለል። የዲግሪውን ስም በዋናው አጠራር አስፍሮ የዓመቱን ብዛት «የተርጓሚ ማስታወሻ» በሚል ለይቶ ያስቀምጥ። አቻ ግምት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሥራ ነው፤ ግምቱን የሚሠራውም ያልተነካካ ቁጥር ሲደርሰው ነው።

ደንበኛው «ወደ አራት ቀይርልኝ፣ ቀጣሪው የሚፈልገው እሱን ነው» ብሎ ይለምናል። ተርጓሚ እምቢ ይበል! ቀጣሪም ከየትኛውም ትርጉም ቤት ወደ አራት የተቀየረ ውጤት መጠየቁን ያቁም። የቀየረ ተርጓሚ ያየውን ሳይሆን የገመተውን በማኅተም አረጋግጧል፤ ይህ በሐሰት መመስከር ነው፣ በሕግም ሊጠየቅበት ይገባል።