«እናያለን» መልስ አይደለም

አለቃዬ ደግ ሰው ነው። ይህን በመጀመሪያ የምጽፈው ለይሉኝታ ብዬ አይደለም፤ ክርክሬ የሚነሳው ከዚሁ ከደግነቱ ስለሆነ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ሰው ፊት ማንንም አሳፍሮ አያውቅም። በሦስት ዓመት ውስጥ «አይሆንም» ሲል ሰምቼው አላውቅም። በእነዚሁ ሦስት ዓመታት ከጠየቅኩት ውስጥ የተፈጸመው ግን በጣም ጥቂት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጉርድ ሾላ፣ ከቀላል ባቡሩ መስመር ብዙም በማይርቅ ሕንፃ ውስጥ፣ የክፍያ ሶፍትዌር እንሠራለን። ሲስተሙ ሌሊት ሲቆም የሚደወለው ለእኔ ነው። ሥራው ለሁለት ሰው የተሰጠ ነበር፤ ሳምንት በሳምንት ልንፈራረቅ። ባልደረባዬ በተራው ስልኩን ሳያነሳ ቀረ፣ ደገመው፣ ከዚያ ደንበኞቹ እሱን ትተው በቀጥታ እኔን መደወል ለመዱ። አለቃዬ ይህን ያውቃል። ሦስት ጊዜ ነግሬዋለሁ፣ ሦስቱንም ጊዜ «ልክ ነሽ፣ እናስተካክላለን» ብሎኛል። ልጁን ግን አላናገረውም። ቢያናግረው ይቀየመዋላ!

«ግጭት የማይወድ አለቃ ማግኘትማ መታደል ነው» የሚሉኝ አሉ። አልስማማም። እንዲህ ያለ አለቃ ግጭትን አያጠፋም፤ ቦታውን ነው የሚቀይረው። በእሱና በልጁ መካከል በቀን፣ በአሥር ደቂቃ ያልቅ የነበረ ጉዳይ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ በእኔና በእንቅልፌ መካከል ይሆናል። የሚያርፈውም ሁልጊዜ ዝም ብሎ በሚሠራው ሰው ላይ ነው፤ እምቢ ያለውን ከማስቀየም እሺ ያለውን መጫን ይቀላልና። ደግነቱ የሚከፈለው ከሌላ ሰው ኪስ ነው።

ምክር ስጠይቅ ሁለት ዓይነት አገኘሁ። አንዱ ከውጭ መጻሕፍት የተቀዳ ነው፦ ፊት ለፊት፣ በግልጽ ተናገሪ። ሌላው የእኛው ነው፦ የሚያከብረው ሰው ፈልገሽ በጎን አስነግሪው። ሁለቱም አንድ ስህተት ይጋራሉ። የመጀመሪያው አለቃዬ ነገሩን ያላወቀ ያስመስለዋል፤ ሁለተኛው እምቢ ያለ ያስመስለዋል። እሱ ግን ያውቃል፣ ይስማማልም። እምቢታው የሚመጣው «እሺ» ለብሶ ነው።

ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 «ሰምና ወርቅ» ብሎ ባሳተመው መጽሐፉ፣ ይህ ሁለት ትርጉም የማስያዝ ልማዳችን ከዘመናዊነት መንፈስ ጋር እንደሚጋጭ ጽፏል። እኔ እንኳ ቅኔውን አልወቅስም። ቅኔ ቤት ሰም ብቻ ይዞ መሄድ አይቻልም፤ ወርቁ የት አለ ተብሎ ይጠየቃል። የእኛ ቢሮ «እናያለን» ግን ወርቅ የሌለው ሰም ነው። ወርቁን የሚጠይቅም የለም። እኔም አልጠየቅኩም።

ይህን የተረዳሁት ባለፈው ሳምንት በልምምድ ላይ ነው። ከጓደኛዬ ጋር የጀበና ቡና ቦታ ተቀምጠን እሱ አለቃዬን ሆነ። ያዘጋጀሁትን ሁሉ ተናገርኩ፣ ደግሞም ጥሩ ተናገርኩ። ጓደኛዬ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «የኔ እህት፣ ልክ ነሽ፣ እናየዋለን» አለኝ። እኔም «እሺ፣ በጣም አመሰግናለሁ» ብዬ ስኒዬን አነሳሁ። ሳቀብኝ። «ምን ሰጠሁሽና ነው ያመሰገንሽኝ?»

ምንም አልሰጠኝም። ያ «አመሰግናለሁ» እሱ የሚወጣበት በር ነበር፤ የከፈትኩለት ደግሞ እኔው ነኝ። በሁለተኛው ልምምድ ምስጋናውን አውጥቼ ሁለት ጥያቄ ተካሁበት፦ «የምናየው ምኑን ነው? እስከ መቼ?» ከዚያ ዝም ማለት። ከባዱ ይኸኛው ነው። ጓደኛዬ ሲያቅማማ እኔው «ካልተመቸህ ግን ችግር የለም» እያልኩ ሦስት ጊዜ አዳንኩት። በአራተኛው ዝም ብዬ ቡናዬን ጠጣሁ። እሱ «እስከ ዓርብ» አለ።

ከዚያ ወረቀቱን አዘጋጀሁ። ከጥር እስከ መጋቢት የመጡትን የሌሊት ጥሪዎች ከስልኬና ከሲስተሙ መዝገብ አወጣሁ፦ ቀኑ፣ የተደወለበት ሰዓት፣ ሥራው ያለቀበት ሰዓት። 23 ጥሪ፣ 34 ሰዓት ሥራ። ስልኩን እየጠበቅኩ ያደርኩበትን አልቆጠርኩም። «ሁልጊዜ» እና «ማንም አያግዘኝም» የሚሉ ቃላትንም ሰረዝኩ። እንዲህ ያለ ሰው ምሬት ሲሰማ ማጽናናት ይጀምራል፤ ተጽናንቼ እወጣለሁ፣ ስልኩ ግን ይደወላል። ቁጥርን ማጽናናት አይቻልም።

ከነዚህ 34 ሰዓታት 20ው ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ የተሠሩ ናቸው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በዚህ ጊዜ ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት ከመደበኛው የሰዓት ደመወዝ 1.75 እጥፍ ይከፈላል ይላል። የሰዓት ደመወዜ 200 ብር ቢሆን የሌሊቱ 350 ይሆናል፤ ሃያው ሰዓት 7,000 ብር ነው ማለት ነው። እስካሁን የተከፈለኝ የለም። ሆኖም አዋጁን ይዤ አልገባም። ግጭት የሚሸሽ ሰው ሕግ ሲጠቀስበት ጉዳዩን ለሰው ሀብት ክፍል ያስተላልፍና እጁን ይታጠባል፤ የምፈልገው ውሳኔ ደግሞ በእሱ እጅ ያለ ነው። የገንዘቡ ጥያቄ በራሱ ቀን፣ በጽሑፍ ይመጣል። ነገ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከግንቦት 1 ጀምሮ ተራው እንዲመለስ።

አለቃዬ የሚፈራው እኔን እንዳልሆነ አሁን ገብቶኛል። የሚፈራው ከእኔ በኋላ ልጁን የሚያናግርበትን ደቂቃ ነው። ስለዚህ ያንን ደቂቃ አሳጠርኩለት። ለቡድኑ የሚላክ አራት መስመር መልእክት ጽፌያለሁ፤ ማን በየትኛው ሳምንት ተረኛ እንደሆነ በስም ይላል፣ ወቀሳ የለበትም። ጓደኛዬ «የእሱን ሥራ ልትሠሪለት ነው እንዴ?» አለኝ። በከፊል አዎ። ግን ወሰን አለው። እኔ እጽፋለሁ፤ የሚልከው እሱ ነው፣ በስሙ። ወረቀቱን ልሸከምለት እችላለሁ፣ ውሳኔውን ግን አልሸከምለትም። «ራስሽ ላኪው» ካለኝ «ከእኔ ከመጣ ጠብ ይሆናል፣ ካንተ ከመጣ አሠራር ነው» እለዋለሁ። ይህንንም ተለማምጄዋለሁ።

ከስብሰባው እንደወጣሁ የተስማማነውን በሁለት መስመር ኢሜይል እልክለታለሁ፦ ምን፣ እስከ መቼ። ውድቀትም ምን እንደሚመስል ከወዲሁ ወስኛለሁ፤ አለበለዚያ ጥሩ ፈገግታ እንደገና ያታልለኛል። መልእክቱ እስከ ዓርብ ካልተላከ ወድቋል። ስሞቹ ወጥተው «ሁላችንም እንተባበር» የሚል ብቻ ከተላከም ወድቋል። ያን ጊዜ ያንኑ ጠረጴዛ፣ ያንኑ 23 መስመር፣ ከነአዋጁ፣ ለእሱም ለሰው ሀብት ክፍልም በጽሑፍ አቀርባለሁ። ሳልቆጣ። ሊቀየመኝ ይችላል፤ ይህንንም አስቤበታለሁ።

«ዝም አይነቅዝም» ይባላል። ይነቅዛል። ስምንት ወር ሙሉ ሲነቅዝ አይቻለሁ፤ የምወደውን ሥራ፣ የማከብረውን አለቃ፣ ከዚያም ከባልደረባዬ ጋር የነበረኝን ሰላምታ። ሦስቱንም ያበላሸው የተነገረ ቃል አይደለም።

ቀጠሮው ነገ 4 ሰዓት ላይ ነው። ዛሬ ማታ ስልኩ እንዳይደወል እመኛለሁ።